ሰርዶ ያልከለከለው ማሳ

ዶክተር አምባቸውን ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን አልልም። ስናደድ አንቱታ ከአፌ አይወጣም፤ ያናደደኝ ደግሞ እሱ ነው።

መካነ ሰላም ባለው የደጋ እርሻ ጥናት ማዕከል እሱ አለቃ ነው፣ እኔ ተመራማሪ። ባለፈው ዓመት አንድ የዳሰሳ ጽሑፍ አብረን እንድንጽፍ አዘዘኝ። «አብረን» ማለት እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ስሙን ፊት ያደርጋል ማለት ነው። ይሄን ለምጄዋለሁ፤ በዚህ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልቃጠልም ነበር።

ጉዳዩ ገበሬ ትቶት የሄደ መሬት ነው። ማሳ ሲተው መጀመሪያ አረም ይወጣበታል፣ ቀጥሎ ሣር፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ዕድል ከቀናው በመጨረሻ ዛፍ። እንዴት ነው የሚተካኩት ለሚለው ሦስት ማብራሪያ አለ። አንደኛው ማመቻቸት ይባላል፤ ቀድሞ የበቀለው ለሚቀጥለው ጥላና አፈር ያዘጋጅለታል፣ ውሎ አድሮም ቦታውን ይለቅለታል። ሁለተኛው መቻል ነው፤ ቀዳሚው ተከታዩን አይረዳውም፣ አያግደውምም፤ ተከታዩ ጥላውንም እጥረቱንም ችሎ ቀስ እያለ ያድግና ይበልጠዋል። ሦስተኛው መከልከል ነው፤ ቀድሞ የያዘው ይዞ ይቀመጣል፣ እስኪሞት ወይም የሆነ ነገር እስኪነቅለው ድረስ ማንንም አያስገባም። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቀዳሚውን ከትንሽ ቦታ ላይ ነቅለህ ካልተነቀለው ጋር ታስተያያለህ። ተከታዩ ከተጎዳ ማመቻቸት ነበር፣ ከተሻለው መከልከል ነበር፣ ለውጥ ካላሳየ መቻል ነው።

ከየአገሩ የተሠራውን ጥናት ሰብስቤ ሳነብ ከረምኩ። አብዛኛው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሦስቱም አሉ፣ አንድ ማሳ ላይ እንኳ ሊፈራረቁ ይችላሉ። ጥቅጥቅ ያለ ሣር የዛፍ ዘር እንዳይበቅል ሊያግድ ይችላል። ሣሩን አልፎ የወጣ አንድ እሾሃም ቁጥቋጦ ደግሞ ወፍ ያሳርፋል፣ ወፏ ዘር ትጥላለች፣ እሾሁ ፍየል ይመልሳል፣ ጥላው እርጥበት ይይዛል፤ ከሥሩ ወይራ ይወጣል። ይሄን ጻፍኩ። ዶክተር አምባቸው ግን «ሁሉም አለ» የሚል መደምደሚያ አይወድም፤ ወረቀት አንድ ነገር መናገር አለበት ይላል። እንዲናገር የሚፈልገው አንድ ነገር ደግሞ የራሱን ግኝት ነው።

ከዓመታት በፊት ደብር አፋፍ በሚባለው ቀበሌ ዘጠኝ የተተዉ ማሳዎችን አጥንቶ ነበር። ባለቤቶቹን መጨረሻ ምርት ያነሳችሁት መቼ ነው ብሎ ጠየቀ፤ አንዱ አምስት ዓመት አለ፣ አንዱ አሥር፣ አንዱ አሥራ ስምንት። ማሳዎቹን በዕድሜ ደረደረና አያቸው፤ ሁሉም ሰርዶ ነው። አምስት ዓመት የሆነውም ሰርዶ፣ አሥራ ስምንት የሆነውም ሰርዶ። አንድ ቁጥቋጦ የለበትም። ስለዚህ ሰርዶው ከልክሏል አለ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው የሚነሳው ይሄው ነው፤ የኛ ደጋ መሬት በራሱ አያገግምም፣ ሣሩ ተገፎ ችግኝ ካልተተከለበት እንደዚሁ ይቀራል።

ረቂቁን ሰጥቼው ሲመልስልኝ ያን ጥናቱን መሐል ላይ አስቀምጦት፣ መደምደሚያዬን ሰርዞ የራሱን ጽፎበት አገኘሁት። ጽሑፉ ለወረዳው መሬት አስተዳደር እንደሚቀርብና ዘጠኙ ማሳ በተከላ እንዲያዝ እንደሚያገለግልም ነገረኝ። ከሠንጠረዡ አራተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ ደብር አፋፍ፣ የተተወ፣ አሥራ አራት ዓመት፣ ባለይዞታ ወይዘሮ የትምወርቅ።

የትምወርቅ የሟች አጎቴ ሚስት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ይዛ ኩታበር ገብታ ለገበያ ቀን ምግብ እየሠራች ታሳድጋቸዋለች። በዚህች ምድር ላይ ያላት ነገር ያ ማሳ ነው። ለዓመታት ሳይታረስ የተተወ መሬት ደግሞ ከባለይዞታው ተወስዶ ለሌላ እንደሚሰጥ እኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። አምባቸው «የተተወ» ብሎ ሲጽፍ ስለ ሣር የጻፈ መስሎት ይሆናል። እዚህ ግን ያቺ ቃል ሰው ከመሬቱ ታነሳለች።

ከሁሉ ያበገነኝ ማሳው ያልተተወ መሆኑ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ አባቴ በሬዎቹን ነድቶ ወርዶ አንዴ ይገምሰዋል። ገመሳ የመጀመሪያው እርሻ ነው፤ ከዚያ መደገምና መዘራት አለበት። አባቴ ግን ገምሶ ይተወዋል። አይዘራበትም፤ አፈሩ ሳስቷል፣ ዘሩን እንኳ አይመልስም፤ የእኩል የሚያርሰውም ጠፍቷል። ደግሞ የሟች ወንድሙን መሬት ዘርቶ ቢያጭድ «አወቀ የሙት ልጆች መሬት ቀማ» ብለው ያሙታል። ስለዚህ የታረሰ እንዲመስል ብቻ ያርሰዋል። ዘመዱ ከተማ የገባበት ሰው ሁሉ ደብር አፋፍ ላይ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው ነገር ነው።

አምባቸው መጨረሻ ያጨዳችሁት መቼ ነው አለ እንጂ መጨረሻ ያረሳችሁት መቼ ነው አላለም። የተጠየቁትን መለሱለት። ሄዶ የሚያየው ደግሞ ጥር ላይ ነው፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪናው አይወርድም። በሰኔ የተገመሰ መሬት ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ ጥር ላይ ሰርዶ ለብሶ ይጠብቀዋል። የሰርዶን ሥር ማረሻ ሲቆራርጠው ቁራጩ ሁሉ መልሶ ይበቅላል፤ የእሾሃማው ቁጥቋጦ የቀጋ ችግኝ ወይም የወይራ ችግኝ ግን አንዴ ከተቆረጠ በቃው። ሰውዬው አሥራ ስምንት ዓመት የማረሻ ሥራ አይቶ የሣር ሥራ ነው አለ።

መጀመሪያ አባቴ ጋ ሄድኩ። መስክርልኝ፣ በየዓመቱ እንደምታርሰው ተናገር አልኩት። በረት እያጸዳ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝ። አላርሰውም አለኝ። ሳታርሰው ቀርተህ ታውቃለህ ወይ ስለው፣ ስንት መሬት አልባ ጎረምሳ ቀበሌው በር ላይ ተሰልፎ እያለ አርሶ የማይዘራ ሽማግሌ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀኝ። ዝም ካልክ የትምወርቅን ያስነሷታል አልኩት። ከተናገርኩም ያስነሷታል አለ። ከዚያ በኋላ ስለ በሬ ሕመም ያወራኝ ጀመር። ተናድጄ ራት ሳልበላ ወጣሁ፤ አባቴ ቤት ራት ሳልበላ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰው ካልመሰከረ መሬቱ ይመስክር ብዬ ማሳው ላይ ወረድኩ። ያየሁት አሁንም ደሜን ያፈላዋል፤ ምክንያቱም ማንም ማየት የሚፈልግ ሰው ሊያየው የሚችለው ነገር ነው። በማሳውና በጎረቤት ማሳ መካከል ያለው ድንበር ላይ፣ ማረሻ በማይደርስበት ቦታ፣ ሰርዶው እንደ ማሳው ሁሉ ጥቅጥቅ ብሏል። በሰርዶው መሐል ግን ቀጋ ወጥቶ ሰው አክሏል። ከቀጋው ሥር ደግሞ ጎንበስ ብዬ እሾሁን ገለጥ ሳደርግ የወይራ ችግኞች አሉ፤ አንዳንዱ ጉልበቴን ያልፋል። ያው ሰርዶ፣ ያው አፈር፣ ያው ዝናብ። ሰርዶው ከልካይ ከሆነ ድንበሩ ላይ ለምን አልከለከለም?

አምባቸው ምን እንደሚመልስልኝ ስለማውቅ በዚያ አላቆምኩም። ድንበር ድንጋይ አለው፣ ውሃ ይይዛል፣ ከማሳ ጋር አይነጻጸርም ይለኛል፤ ልክም ነው። ስለዚህ ማሳው ውስጥ ቆፈርኩ። የቁጥቋጦና የዛፍ ችግኝ ማሳው ውስጥም ይወጣል። ያገኘሁት ሁሉ ግን ካለፈው ሰኔ ወዲህ የበቀለ፣ የአንድ ክረምት ብቻ ነው። ከመሬት በታች ደግሞ የሞቱ ሥሮች አሉ፤ ሁሉም አንድ ጥልቀት ላይ ተቆርጠዋል፣ ከዚያ ከፍ ያለም ዝቅ ያለም የለም። ሣር ሥር አይቆርጥም። ከሌሎቹ ስምንት ማሳዎች በስድስቱ ላይም ቆፍሬ ይሄንኑ አገኘሁ። የቀሩት ሁለቱ ላይ ባለቤቶቹ አላስቆፍር አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።

ይሄን ሁሉ ጽፌ ለአምባቸው ሰጠሁት። መከልከል የሚባል ነገር የለም አላልኩም፤ ሣሩ ተነቅሎ የተፈተነባቸው ጥናቶች አሉ፣ እነሱን በቦታቸው አስቀምጫቸዋለሁ። የደብር አፋፍ ማሳዎች ግን ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም፣ ምክንያቱም ተተክቶ የሚያድግ ነገር እንዳይኖር በየዓመቱ ይታረሳሉ አልኩ። ሁለት ቀን ቆይቶ ቢሮው ጠራኝ። ልጄ እያለ ነው የሚያናግረኝ። ወጣት ተመራማሪ የሽማግሌ ሥራ ላይ መዝመት ይወዳል፣ እሱም በጊዜው እንዲያ ነበር፣ ያልፋል አለኝ። ለሚቀጥለው ትውልድ መንገድ እያመቻቸን ነው እኮ ሲለኝ ልስቅበት ምንም አልቀረኝ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለራሱ አልታየውም። ጽሑፉ በሱ መደምደሚያ ለወረዳው እንደሚቀርብ ቁርጡን ነገረኝ።

ስብሰባው የደብር አፋፍ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ከወረዳው መሬት አስተዳደር የመጣው ጀብሪል የሚባል ጸጥ ያለ ሰው ነው፤ ገብቶ ለሁሉም አሰላሙ አለይኩም ብሎ ክርስቲያኑም እስላሙም አፀፋውን መለሰለት። ገበሬዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አባቴ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ዱላውን ጉልበቱ መሐል አቁሞ ተቀምጧል። የትምወርቅ ከኩታበር በሁለት ሚኒባስ ቀያይራ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች። ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም።

አምባቸው ሠንጠረዡን አቀረበ። አሥራ አራት ዓመት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲል ገበሬዎቹ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም፤ የሚናገረው ስለ ሌላ አገር ይመስል ዝም ብለው ያዳምጡታል። ማሳዎቹ የተተዉ ናቸው፣ ሣሩ ይዟቸዋል፣ በራሳቸው አይድኑም፣ መንግሥት እጁን ያግባ አለና ጨረሰ። ዘጠኝ ቤተሰብ ከመሬቱ የሚያስነሳ ነገር ተናግሮ ውሃ ጠጣ።

እጄን አላወጣሁም፤ ብድግ አልኩ። ድንበሩ ላይ ስላየሁት ነገርኳቸው፣ ስለ ተቆረጡት ሥሮች ነገርኳቸው። በሳይንስ ቋንቋ ጀምሬ ስጣደፍ አንደበቴ ተሳሰረብኝና ተውኩት። «መሬት እውነት ሲተው ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ድንበሩን ይይ» አልኩ። «ቀጋ ይወጣበታል፣ ከቀጋው ሥር ወይራ ይወጣል። የተተወ መሬት ምልክቱ ይሄ ነው። እነዚህ ማሳዎች ላይ ግን የለም፤ ስላልተተዉ ነው።»

አምባቸው መነጽሩን አወለቀ። «ጥሩ» አለ። «ታዲያ ማን ነው የሚያርሰው? ዘጠኝ ሰው ጠይቄ አርሳለሁ ያለኝ የለም። አንድ ሰው ጥሪ።»

አባቴን አየሁት። የዱላውን ጫፍ ያያል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ገበሬ ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል፤ እያንዳንዳቸው ባለፈው ሰኔ የት እንደነበሩ አውቃለሁ። የትምወርቅ ከበሩ እኔን እያየች ነው። ያን ጊዜ የተናደድኩት በአምባቸው አልነበረም። በነዚህ ሁሉ ዝም ባሉ ሰዎች ነበር፤ ከሁሉ በላይ በአባቴ።

«አወቀ» አልኩ። «አባቴ ነው የሚያርሰው።»

ጀብሪል ወደ ኋላ ዞሮ ፈለገው። «ጋሽ አወቀ፣ እውነት ነው?» አለ በቀስታ። አባቴ ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት። አዎ አለ፣ አርሳለሁ። ለምን አይዘሩበትም ሲለው ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከፊት ወንበር ላይ የነበሩት ጎረምሶች ተያይተው አንዱ እንደ መሳቅ አለ። እኔ መሬት አልባ ሆኜ እሱ ለጌጥ ያርሳል የሚል ድምፅም ሰማሁ። አባቴ ያ ሁሉ ሲባልበት ቆሞ ነበር፤ ተቀመጥ ያለው ሰው ስለሌለ አልተቀመጠም።

ከሱ በኋላ ሁለት ሰዎች እኛም እናርሳለን አሉ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ጀብሪል ወረቀቱን አጠፈ። የታረሰ መሬት የተተወ አይባልም፣ ሠንጠረዡን በዚህ መልኩ አልቀበልም አለ። ግን አርሶ አለመዝራትም መልስ ያስፈልገዋል፤ ዘንድሮ ያልተዘራበት ማሳ ጉዳዩ እንደገና ይታያል፣ የመሬቱንም ሁኔታ እኔ ራሴ ወርጄ አያለሁ አለ። አምባቸው ወረቀቶቹን ሰብስቦ በአጠገቤ ሲያልፍ ስምሽን ከጽሑፉ አውጪ አለኝ። ያንተ ስም ነው መውጣት ያለበት አልኩት። «አንተ» ስለው ደንግጦ ቆመ፤ ከዚያ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

የትምወርቅ አቅፋ ሳመችኝ፣ እንባዋ ጉንጬን አረጠበው። አብሽሪ አልኳት። አባቴ ሁለታችንንም ሳያናግር ዱላውን ይዞ ቁልቁል ወረደ።

ጽሑፉን ብቻዬን ጨረስኩት። ማዕከሉ ውስጥ ማን እንደሚያናግረኝና ማን እንደማያናግረኝ አሁን አውቃለሁ። ሦስቱን ማብራሪያዎች አነጻጽሬ፣ የትኛውም ማሳ ላይ ሰው ምን እያደረገ እንደነበር ሳያጣሩ ዕድሜ ቆጥሮ መደምደም እንደማይቻል ጻፍኩ። ለዚህ መጽሔት ላክሁት፣ ለዚያኛው ላክሁት። የደብር አፋፍን ድንበር እንደ ምሳሌ አነሳሁት፤ በእሾሃማው ቀጋ ሥር ስላሉት ወይራዎች የጻፍኳት አንቀጽ ከጻፍኩት ሁሉ የምወዳት ናት። ለክረምት ደግሞ ድንበሩ ላይ ትክክለኛውን ፈተና ልሠራ አሰብኩ፤ ከጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ቀጋውን ቆርጬ፣ ሌላውን ትቼ፣ ወይራዎቹ ምን እንደሚሆኑ ላይ። ማመቻቸት ከሆነ ይታወቃል።

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን በእግሬ ወረድኩ። አባቴ ከስብሰባው ጀምሮ አላናገረኝም ነበር፤ ይቅርታ ልጠይቀው ነው ወይስ ልጣላው ነው የምሄደው፣ ለራሴም አልተለየኝም። ከሩቅ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ አየሁት። ገብስ ዘርቶበታል፣ ወጥቷል። ዓይኔ በእንባ ሞላ፤ የትምወርቅን ማንም አያስነሳትም።

ቀረብ ስል ማሳው የሰፋ መሰለኝ። ድንበሩን ፈለግሁት። ድንጋዩ አለ፣ በላዩ ላይ ግን ምንም የለም። ቀጋው ተጨፍጭፎ ጫፍ ላይ ተከምሯል፣ ቅጠሉ ጠውልጎ ጠቁሯል። የወይራዎቹ ሥር በመቆፈሪያ ተነቅሎ ጉድጓዱ ውሃ አቁሯል። ጎረቤት ማሳውን አየሁ፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቁልቁል እስከ ገደሉ ጫፍ ያሉትን። የደብር አፋፍ ድንበር በሙሉ ራቁቱን ነው። ጀብሪል ሊያይ ከመውረዱ በፊት ሁሉም አጽድቷል።

አባቴ ቁልቁል መጣና አጠገቤ ቆመ። መቆፈሪያው እጁ ላይ ነው። በንዴት ወይራውን ለምን እንደነቀለው፣ ምን እንዳደረገው ጠየቅሁት።

ግራ ገብቶት አየኝ። ከስብሰባው ወዲህ ያናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነበር፦ «የተተወ መሬት ምልክቱ እሱ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

መልስ ሳይጠብቅ ጎንበስ ብሎ ከድንጋዩ መሐል የቀረች አንዲት የቀጋ ቡቃያ መንቀል ጀመረ። እጁ ደምቷል። እኔ ቆሜ አየሁት።